አንቲባዮቲክ ለጠየቀች እናት “ዛሬ አያስፈልገውም” የሚባለው እንዴት ነው?

“ቫይረስ ነው” አልኳት።

ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያ ዓመት ነው። ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት የሚታዩበት ክፍል ተመድቤ ነበር። ልጁ ጉንፋን ይዞታል። እናቱ አሞክሲሲሊን እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። እኔም እንደተማርኩት “ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይሠራለትም” ብዬ በአጭሩ ዘጋሁት። የሴትየዋ ፊት ተለዋወጠ። ትንሽ ዝም አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “እኔ እኮ እርጉዝ ሆኜ ተመርምሬ ነፃ ነሽ ተብያለሁ” አለችኝ።

እኔ ስለ ጉንፋን ነበር የማወራው። እሷ የሰማችው ስለ ኤች አይ ቪ ነው። እኛ አገር “ቫይረሱ አለበት” ከተባለ የትኛው ቫይረስ ተብሎ አይጠየቅም። ዓረፍተ ነገሬ ከሕክምና አንፃር አንድም ስህተት አልነበረበትም። ግን ያቺ እናት ከክፍሌ ስትወጣ መድኃኒትም አላገኘችም፣ ልቧም አላረፈም፣ በእኔም ላይ እምነት አልነበራትም።

ከዚያ ወዲህ በጤና መኮንንነት ብዙ ጉንፋን አይቻለሁ። አንቲባዮቲክ የማያስፈልገውን ታካሚ መመለስ ከባድ የሚሆነው “አይሆንም” የሚለው ቃል ስለሚያስቀይም ብቻ አይደለም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ቃሉ ብቻውን መምጣቱ ነው። ከፊቱ ምን እንደሚባል፣ ከኋላው ምን እንደሚከተል ከታወቀ አብዛኛው ሰው ይቀበለዋል። እዚህ የማወራው ስለ አንድ ዓይነት ታካሚ ነው፦ ስለሚያስለው ሕፃንና ስለ እናቱ። ጥያቄው በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላንሳ። ሐኪሙ ታካሚው አንቲባዮቲክ እንደሚፈልግ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው በመገመት ነው። አሜሪካ ውስጥ በሕፃናት ሐኪሞች ላይ ተሠርቶ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ልጁ የያዘው በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ሆኖ ሳለ፣ ሐኪሙ “ወላጁ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል” ብሎ ሲያስብ ከመቶ 62 ጊዜ ጽፏል። “አይፈልግም” ብሎ ሲያስብ ግን 7 ጊዜ ብቻ። ወላጆቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ደግሞ የጠበቁትን አንቲባዮቲክ ባያገኙም እርካታቸው አልቀነሰም። ያስከፋቸው የጠበቁትን ያህል ማብራሪያ አለማግኘታቸው ነበር።

አገሩ ሌላ ነው፣ ወረፋውም እንደኛ አይደለም። ነገሩ ግን እዚህም አለ። “ካልጻፍኩላት ትጣላኛለች” ብለን እንጽፋለን። እሷ ደግሞ የመጣችው “እንደ ጎረቤቴ ልጅ እንዳይሆንብኝ” ብላ ነው። ሁለታችንም ሳንነጋገር ወረቀቱ ላይ ቀለም ይፈሳል።

እስቲ አንድ ቀን እንውሰድ። ሰኞ ጠዋት ነው። ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ክብደቱ 14 ኪሎ። ሳል ከጀመረው አምስተኛ ቀኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አተኩሶት ነበር። እናቱ ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

“ዶክተር፣ አምስት ቀኑ እኮ ነው። ንፍጡ አረንጓዴ ሆኗል። ያለፈው ጊዜ የተሰጠውን አሞክሲሲሊን ጻፍልኝ፣ እሱን የሚያድነው እሱ ነው።”

እዚህ ላይ የሚያስቸኩል ነገር አለ። ውጭ ሠላሳ ሰው ተሰልፏል። አፍ ላይ የሚመጣው መልስ “ሐኪሙ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?” ነው። እኔም ብዬው አውቃለሁ፣ አልዋሽም። ሌላው ፈጣን መልስ “ምንም የለበትም” ነው። ይኼኛው ለጆሮ ለስላሳ ይምሰል እንጂ ከመጀመሪያው አይሻልም። አምስት ሌሊት ሲያስል አብራው ያደረች ሴት “ምንም የለበትም” ስትባል የምትሰማው “የማይረባ ነገር ይዘሽ መጣሽ” የሚለውን ነው።

ስለዚህ ስለ መድኃኒቱ ገና አዎም አይሆንምም አልልም። እንዲህ ነው የምለው፦

“አምስት ቀን? አንቺም እንቅልፍ አላየሽማ። በደንብ እናየዋለን። ግን እህቴ፣ ከሁሉ በላይ ያስፈራሽ ምኑ ነው?”

“የጎረቤቴ ልጅ እንዲሁ በሳል ጀምሮት ነው የሳንባ ምች ሆኖ ሆስፒታል የተኛው።”

ዋናው ጥያቄ ይኸው ወጣ። አሞክሲሲሊኑ ልብስ ነው፣ ውስጡ ያለው የሳንባ ምች ፍርሃት ነው። ይህን ባልጠይቅ ኖሮ ስለ ባክቴሪያና ስለ ቫይረስ ልዩነት ንግግር ሳደርግ፣ እሷ ስለ ጎረቤቷ ልጅ ስታስብ እንለያይ ነበር። መልሱ ሁልጊዜ የሳንባ ምች አይደለም። አንዳንዷ “መዋዕለ ሕፃናቱ ሳያስል ካልመጣ አንቀበልም አሉኝ” ትላለች። አንዷ “አለቃዬ ሁለተኛ ፈቃድ አይሰጠኝም” ትላለች። አንዷ ደግሞ አማቷ ቤት ቁጭ ብለው “ምን ሰጡት?” ብለው ይጠብቋታል። ለእያንዳንዱ የሚሰጠው መልስ ይለያያል። አማቷ ለሚጠብቋት የሚያስፈልጋት የሳንባ ትምህርት አይደለም፣ እቤት ስትደርስ የምትናገረው ነገር ነው።

ከዚያ ምርመራው ይቀጥላል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ በዝምታ እንመረምራለን። ማዳመጫውን እናስቀምጣለን፣ እንነካካለን፣ ጻፍ ጻፍ እናደርጋለን። እናትየዋ ምን እንዳየን አታውቅም። በመጨረሻ “አያስፈልገውም” ስንል ከየት እንደመጣ ስለማታይ አታምነንም። እኔ የማየውን ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

“ልብሱን ከፍ አድርጊልኝ። ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ እቆጥራለሁ፣ እስክጨርስ ዝም በይልኝ።”

ልጁ ካለቀሰ እስኪረጋጋ እጠብቃለሁ፤ ያለቀሰ ልጅ ትንፋሽ አይቆጠርም። የግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛትም አልወድም፤ የሕፃን ትንፋሽ አይስተካከልም።

“32 ነው። በእሱ ዕድሜ 40 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ነበር የሳንባ ምች ነው ብዬ የምጠረጥረው። አሁን ደረቱን እዪው። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? አይሰረጉድም። የሳንባ ምች ሲጠና እንደዚያ ያደርጋል። አየሩም በሁለቱም በኩል ጥሩ ይገባል። ጆሮውም ጤናማ ነው።”

ልብ በሉ፣ እስካሁን ስለ አንቲባዮቲክ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ግን ውሳኔው ግማሽ ያህሉ አልቋል። የፈራችው ነገር አለመኖሩን በዓይኗ አይታለች። ቁጥሩንም ከእኔ ጋር ሰምታለች። 40 የሚለው ቁጥር ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ነው። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50፣ ከ2 ወር በታች ለሆነው ደግሞ 60 ነው።

ጮክ ብሎ መመርመር ግን ጦሱም አለው። “እም... ጉሮሮው ትንሽ ቀላ ብሏል” ካልኩ አለቀልኝ። ጉንፋን የያዘው ልጅ ጉሮሮ ሁሉ ትንሽ ይቀላል፤ ለእሷ ግን ይህ “አንድ ነገር ተገኘ” ማለት ነው። ቀጥዬ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም ብል “ቀልቷል አላልክም እንዴ?” ብትለኝ ትክክል ናት። ውሳኔዬን የማይቀይር ነገር ካየሁ ወይ አላነሳውም፣ ወይ “እንደ ማንኛውም ጉንፋን ቀላ ብሏል” ብዬ ከነትርጉሙ እነግራታለሁ።

ቀጥሎ ለበሽታው ስም መስጠት ይመጣል። ሰው ስም ይፈልጋል። “ቫይረስ” የሚለውን ትቼዋለሁ፤ ምክንያቱን ከላይ አይታችኋል። “ኢንፌክሽን” የሚለውንም እሸሻለሁ፣ እኛ አገር ኢንፌክሽን ካለ አንቲባዮቲክ መኖር አለበት። “ብሮንካይት” ደግሞ ከጉንፋን የከበደ ይመስላል። “የያዘው ጉንፋን ነው፤ ጠንከር ያለ ጉንፋን ነው” እላለሁ። “ጠንከር ያለ” የምለው ለማስፈራራት ወይም ለማባበል አይደለም። አምስት ሌሊት ያስነቃ ጉንፋን እውነትም ጠንካራ ነው፣ እሷም ታውቀዋለች።

“ንፍጡስ? አረንጓዴ እኮ ነው።”

“ንፍጥ ሲቆይ ይወፍራል፣ ቀለሙም ይቀየራል። ቀለሙን የሚሰጡት ከጉንፋኑ ጋር የሚታገሉት የራሱ የደም ሴሎች ናቸው። አረንጓዴ መሆኑ ብቻውን አንቲባዮቲክ ይፈልጋል ማለት አይደለም።”

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። እዚህ ላይ የዓረፍተ ነገሩ ቅደም ተከተል ከቃላቱ ምርጫ ይበልጣል። ሲያትል አካባቢ በሕፃናት ሐኪሞች ላይ የተሠራ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። አንቲባዮቲክ ለምን እንደማይረዳ መንገርና ለልጁ ምን እንደሚደረግለት መንገር አብረው ሲሄዱ፣ የሚጻፈው አንቲባዮቲክ ይቀንሳል፤ ወላጆችም ለሐኪሙ የተሻለ ግምት ይሰጣሉ። እንቢታው ብቻውን ሲመጣ ግን ክርክር ይጠራል። እኔ የሚደረገውን አስቀድማለሁ፣ የማይደረገውን አስከትላለሁ።

“ለትኩሳቱና ለሕመሙ ፓራሲታሞል ሽሮፕ እሰጥሻለሁ። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለው ነው። ለ14 ኪሎው በአንድ ጊዜ 7.5 ሚሊ ሊትር ትሰጪዋለሽ። ካተኮሰው ወይም ካመመው ብቻ፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። ማታ ከመተኛቱ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ይላስ፣ ሳሉን ያለዝብለታል። ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ ይጠጣ። ምግብ ቢቀንስ አትጨነቂ። አንቲባዮቲኩ ግን ይህንን ሳል አያሳጥረውም፣ ተቅማጥና ሽፍታ ሊያመጣበት ይችላል። ስለዚህ ዛሬ አልሰጠውም።”

ይህን ንግግር ለምን እንዲህ እንደሠራሁት ልንገራችሁ። “ማስታገሻ” አላልኩም። “ማስታገሻ ብቻ ሰጥተው ሸኙኝ” የሚለውን ስሞታ ያልሰማ ሐኪም የለም። መድኃኒቱ ያው ፓራሲታሞል ቢሆንም፣ “ማስታገሻ” ሲባል በሽታውን ሸፍኖ ማለፊያ፣ “ለትኩሳቱ” ሲባል ደግሞ ሥራ ያለው መድኃኒት ይሆናል። የሚሊ ሊትሩን ልክ መንገሩም ትርጉም አለው፦ ለእሷ ልጅ ተሰልቶ የተሰጠ ነው። ማሩን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ነገር አለ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፣ አልፎ አልፎ ከባድ መመረዝ ያመጣል። ለትንሹ የጡት ወተት ይበቃዋል።

“ይህንን ሳል” ማለቴም ሆን ብዬ ነው። “ልጅሽ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም” ሲባል ልጇ የተነፈገ ይመስላል። “ይህንን ሳል አያሳጥረውም” ሲባል ግን ጉድለቱ የመድኃኒቱ ነው። “ዛሬ” የምትለዋ ቃል ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ትበልጣለች። በሩን አትዘጋም። ነገ ነገሩ ቢለወጥ እኔም ቃሌን አላጠፍኩም፣ እሷም አልተታለለችም።

ስለ ጀርሞች መድኃኒት መላመድም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች የተነሳ እንደሞቱ ተገምቷል። ለእኔ ትልቅ ምክንያት ነው። ጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጠች እናት ግን የመጀመሪያው ምክንያት ሊሆን አይችልም። “ለዓለም ስንል ልጅሽን አናክምም” ያልኳት ይመስላታል። ካነሳሁት ወደ ልጇ አምጥቼ ነው፦ “አንድ ቀን እውነተኛ የሳንባ ምች ቢይዘው ይህ መድኃኒት እንዲሠራለት እፈልጋለሁ።” ያኔ ከእሷ ጋር አንድ ወገን እንሆናለን።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ።

“ያለፈው ጊዜ ግን በእሱ ነው የዳነው!”

ይህን “ተሳስተሻል” ብሎ መመለስ ከንቱ ነው። በዓይኗ አይታለች። ደግሞም ያለፈውን የጻፈላት ምናልባት ከጎኔ ያለው ባልደረባዬ ነው፣ ምናልባትም እኔው ነኝ። “ማነው የጻፈልሽ?” ብሎ ፊት ማጥቆር በሙያው ላይ ያላትን እምነት ይጎዳል እንጂ ለእኔ አይጨምርልኝም። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ።

“ያኔ መድኃኒቱን የጀመርሽለት ሳሉ በጀመረ በስንተኛው ቀን ነው?”

“በስድስተኛው መሰለኝ።”

“መቼ ተሻለው?”

“በአራት፣ በአምስት ቀን።”

“አሥረኛው ቀን አካባቢ ማለት ነው። የዚህ ዓይነት ሳል ከያዛቸው ልጆች ግማሾቹ ገና በአሥረኛው ቀን ነው የሚተዋቸው። ያኔም በራሱ ጊዜ ሲተወው መድኃኒቱ አብሮ ነበር።”

ሁሉም አያምንም። አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ዝም ትላለች። ግን ሒሳቡን የሠራችው ራሷ ስለሆነች እኔን የምትከራከርበት ነገር አይኖርም።

ስለ ቀናት ካነሳሁ አይቀር፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ማብራሪያ ይኼ ነው። ሰው ሳል በሳምንት ውስጥ መጥፋት ያለበት ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። የልጆች የጉንፋን ሳል ከአሥሩ ዘጠኙን የሚለቃቸው በ25 ቀን ገደማ ነው። አዋቂም ቢሆን በአማካይ ወደ 18 ቀን ያስላል። ይህን ያልተነገራት እናት በስምንተኛው ቀን “መድኃኒት ስለከለከሉኝ ነው” ትላለች። የተነገራት ግን “ብሎኝ ነበር” ትላለች። እኔ “እየቀነሰ እየቀነሰ ሁለት ሳምንት ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል፣ እያደር መሻል አለበት እንጂ መባስ የለበትም” እላታለሁ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል እኛ ዘንድ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይፈልጋል። አብዛኛው የጉንፋን ጅራት ሆኖ ይገኛል፣ ግን ሳይመረመር አይታለፍም። ስለዚህ “ሦስት ሳምንት ሊያስል ይችላል” ብሎ ዝም ማለት አይቻልም። “ሁለት ሳምንት ካለፈው ለማረጋገጥ አምጪው፣ የግድ ክፉ ነገር ነው ማለት አይደለም” የሚለው መጨመር አለበት።

ከዚያ የመመለሻው ቀን ይመጣል። “ካልተሻለው ተመለሺ” የሚባለው ነገር ባዶ ነው። መቼ? ምን ሲሆን? እኔ በትንሽ ወረቀት ላይ እጽፍላታለሁ። ወረቀቱ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ከጤና ጣቢያ ባዶ እጅ መመለስ የሚያሳፍር ነገር ነው፣ አሁን የያዘችው ነገር አላት። ሁለተኛ፣ አማቷ “ምን አሉሽ?” ሲሏት ታነብላቸዋለች።

“ዛሬ ሰኞ ነው። ሐሙስ ድረስ እየተሻለው ካልሄደ፣ ወይም ትኩሳቱ ጠፍቶ ከተመለሰ፣ ሐሙስ ጠዋት አምጪው። ከዚህ ውስጥ አንዱን ካየሽ ግን ሐሙስን አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂጂ፦ መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሰውነቱ ዝሎ አልነቃ ካለ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ።”

ትንፋሽ መቁጠሩንም በስልኳ ሰዓት አሳያታለሁ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ሠላሳ ሰው ተሰልፎ ሁለት ደቂቃ ቅንጦት ይመስላል፣ አውቃለሁ። ያልተብራራላት እናት ግን ማግስቱን ተመልሳ ትመጣለች፤ ወይም በዚያው ቀን ሌላ ክሊኒክ ትሄዳለች።

ወይም ፋርማሲ። “እሺ፣ አንተ ካልጻፍክልኝ እገዛዋለሁ” የምትል አለች። እውነትም ትገዛለች፤ ያለ ማዘዣ መሸጥ ክልክል ቢሆንም የሚሸጥ አይጠፋም። እዚህ ላይ መቆጣትም ማስፈራራትም አይሠራም። “ከመግዛትሽ በፊት እስከ ሐሙስ ታገሺኝ። ሐሙስ አስፈላጊ ሆኖ ካገኘሁት ራሴ እጽፍልሻለሁ” እላታለሁ። አያይዤም “ቤት ያለፈው ሽሮፕ ተርፏል?” ብዬ እጠይቃለሁ። በጣም ብዙ ጊዜ መልሱ “አዎ፣ ግማሹ አለ” ነው። በውሃ የተበጠበጠ አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም። “እሱን ጣይው፣ ተበላሽቷል” የሚለው ምክር ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ ይልቅ በቀላሉ ይሰማል።

በእንግሊዝ አገር “ማዘዣውን ያዙት፣ ካልተሻለ በኋላ አውጡት” የሚባል ዘዴ አለ፣ እዚያ ጥሩ ውጤት አምጥቷል። ሞክሬው ነበር። እኔ ባለሁበት ማዘዣ በእጅ ከገባ መድኃኒቱ በር ላይ ካለው ፋርማሲ ተገዝቶ ነው ታክሲ የሚያዘው። ስለዚህ በማዘዣው ፈንታ ቀን እሰጣለሁ።

ከትልልቅ ሰዎች ጋር ነገሩ ትንሽ ይለያል። አባባ “መርፌ ውጉኝ፣ ክኒን ለእኔ አይሆንም” ሲሉ፣ አንድ ወጣት “አያስፈልግዎትም” ብሎ ፊት ለፊት ቢመልስላቸው ድፍረት ይሆናል። “አባባ፣ ቢጠቅምዎት ኖሮ እኔው ራሴ እወጋዎት ነበር። ደረትዎን ሰምቻለሁ፣ ንጹህ ነው። መርፌው ሕመም ይጨምርልዎታል እንጂ ሳሉን አይወስድልዎትም” ስላቸው ይስማማሉ፣ ቢያንስ ይመርቁኛል። የአዋቂው ሌላው ጣጣ “ታይፎይድና ታይፈስ መርምሩኝ” የሚለው ነው። ያ ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።

አንድ ነገር ሳላነሳ ባልፍ ግን ጥፋት ነው። ይህ ሁሉ ጥሩ አነጋገር የሚሠራው እንቢታው ትክክል ሲሆን ብቻ ነው። የማሳመን ጥበብ የተካነ ሐኪም የሚያስፈልገውንም ልጅ አሳምኖ ሊመልስ ይችላል። በተለይ የጉሮሮ ሕመም ላይ እጠነቀቃለሁ። ሳልና ንፍጥ ካለው የጉሮሮ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የጉንፋን ነው። ነገር ግን ከፍ ያለ ልጅ፣ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለ፣ ሳል ሳይኖረው ትኩሳት ካለው፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየና የአንገቱ ንፍፊት ካበጠና ካመመው፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ስትሬፕ በሚባለው ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ካልታከመ የልብ ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል፤ በዚያ ምክንያት ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ወጣቶች አገራችን ውስጥ ብዙ ናቸው። እዚያ ጋ ፔኒሲሊን የምትለምነኝ እናት አልጠብቅም፣ እኔው ነኝ ለምኜ የማስጨርሰው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት ሌላ እናት ሰኞ ሸኝቻት ረቡዕ ተመለሰች። የልጇ ትንፋሽ ሰኞ 34 ነበር። ሐሙስ እንድትመጣ ነበር የነገርኳት። በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና “ዶክተር፣ ዛሬ ጠዋት 47 ቆጠርኩ፣ ሦስቴ ደጋግሜ ነው የቆጠርኩት” አለችኝ። ልጁን አስተኝቼ እኔም ቆጠርኩ። 48። ደረቱ አልተሰረጎደም፣ ይጠጣል፣ ይጫወታል። በውሃ የሚሟሟውን አሞክሲሲሊን ለአምስት ቀን ጻፍኩለት፣ ከሁለት ቀን በኋላም ለክትትል ቀጠርኳት።

“ሰኞ ዕለት ብትሰጠኝ ኖሮ” ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከ“ዛሬ” ሥር በእስክሪብቶ አስምራበታለች።

“ዛሬ ብለህ ነበር” አለችኝ። “ለባለቤቴም የነገርኩት እንዲሁ ነው።”